ሥራውን ተቀብያለሁ ብሎ መጻፍ

በአዲስ አበባ የግል ድርጅቶች ዘንድ ቅጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በስልክ ነው። ከሰው ኃይል ክፍል ይደወላል፤ «እንኳን ደስ አለሽ፣ አልፈሻል፤ መቼ መጀመር ትችያለሽ?» ይባላል። ስለ ደመወዙ ሁለት ሦስት ቃል ይነገራል፤ ከዚያ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ኦፈር ሌተር ይላካል። ተቀጣሪዋም «አመሰግናለሁ፣ ተቀብያለሁ» ብላ አንድ መስመር ትመልሳለች፤ በማግሥቱ አሁን ለምትሠራበት ድርጅት የመልቀቂያ ማመልከቻ ታስገባለች።

ችግር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ትራንስፖርት አበል የተነገረው ቃል ደብዳቤው ላይ የለም። «24 ሺህ» የተባለው ደመወዝ ተጣርቶ ነው ወይስ ሳይጣራ? የሙከራ ጊዜውስ ስንት ነው? ቃሉን የሰጡት ኃላፊ ሥራ ቢለቁ ወይም ቢረሱ፣ በወረቀት የቀረው ያ አንድ መስመር ብቻ ነው። የመቀበያ ደብዳቤ ይህንን ክፍተት ይዘጋል። ዋና ሥራው ምስጋና ማቅረብ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበትንና ቀጥሎ ማን ምን እንደሚያደርግ በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር ነው።

«ተቀብያለሁ፤ ግን…»

ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል አመሠራረት የደነገጋቸው ጥቂት ነጥቦች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው፣ ዝምታ መቀበል አይደለም። ኦፈሩ የመልስ ቀን ካለውና ቀኑ ያለ መልስ ካለፈ፣ ቀጣሪው ቃሉን ጠብቆ የመቆየት ግዴታ የለበትም። ሁለተኛው፣ ተራርቀው በሚዋዋሉ ሰዎች መካከል ውሉ እንደተደረገ የሚቆጠረው የመቀበያው መልስ በተላከበት ቀንና ቦታ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ቀን መጻፍና የተላከበትን ማስረጃ መያዝ የግድ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በአንቀጽ 1694 መሠረት፣ ከቀረበው ሐሳብ ጋር የማይስማማ ወይም ቅድመ ሁኔታ ያለበት መልስ እንደ መቀበል አይቆጠርም። የቀረበውን ሐሳብ ውድቅ እንዳደረገና አዲስ ሐሳብ እንዳቀረበ ይወሰዳል። «ሥራውን ተቀብያለሁ፤ ግን ደመወዙ 27 ሺህ እንዲሆንልኝ» ብሎ የጻፈ ሰው በሕግ ዓይን ገና አልተቀበለም። እንዲያውም የመጀመሪያውን ኦፈር ጥሎታል። ቀጣሪው «እንግዲያው ሌላ ሰው አግኝተናል» ቢል ያ ሰው የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ ድርድርና መቀበል በአንድ ደብዳቤ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ያልተፈታ ነገር ካለ መጀመሪያ ጥያቄ ይላካል፤ «መልሴን ከማሳወቄ በፊት በሚከተሉት ነጥቦች ላይ ማብራሪያ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» ይባላል። ይህ መጠየቅ እንጂ መቃወም አይደለም፤ ኦፈሩንም አይጥልም። መልሱ ሲመጣና ኦፈሩ ሲስተካከል፣ ያን ጊዜ ያለ «ግን» ይቀበሉታል።

አንድ ምሳሌ ከነዝርዝሩ

ለምሳሌ ያህል በአንድ ንግድ ድርጅት ውስጥ ሦስት ዓመት ያገለገለች የሂሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። ከአንድ አስመጪ ድርጅት ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ኦፈር ይደርሳታል፤ መልስ እስከ አርብ ጥቅምት 14 ድረስ ይጠበቃል። ደብዳቤው መደቡ ሲኒየር አካውንታንት፣ ደመወዙ 24,000 ብር፣ የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር፣ ሥራ የሚጀመረው ኅዳር 1 ነው ይላል። በቃለ መጠይቁ ላይ የተነገራት የ2,000 ብር የትራንስፖርት አበል አልተጻፈም። የሥራ ቦታውም አልተጠቀሰም፤ ድርጅቱ ደግሞ ቦሌ ቢሮ፣ ቃሊቲ መጋዘን አለው።

መጀመሪያ ደመወዙን ታሰላለች። ኦፈር ላይ ቁጥሩ ብቻ ሲጻፍ በልማድ ያልተጣራ ማለት ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ላለ ወርኃዊ ደመወዝ ግብሩ 35 በመቶው ተሰልቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። ለ24,000 ብር ግብሩ 6,350 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ስለሆነ 1,680 ብር ይነሳል። እጇ የሚገባው 15,970 ብር ነው። «24 ሺህ» የሚለውን የተጣራ ነው ብላ ብታስብ ኖሮ፣ ያን ያህል እጇ እንዲገባ ድርጅቱ ወደ 37,845 ብር የሚጠጋ ያልተጣራ ደመወዝ መክፈል ነበረበት። በአንድ ቃል አለመጻፍ የሚመጣው ልዩነት ይህን ያህል ነው። ስለዚህ በመቀበያው ደብዳቤ ላይ «ያልተጣራ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ አጠገብ ይቀመጣል።

ቀጥሎ የሙከራ ጊዜው አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ እንደሌለበትና ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት ቤት 60 የሥራ ቀናት አሥር ሳምንት ገደማ ነው፤ ሦስት ወር ከዚያ ያልፋል። «ሦስት ወር» ብሎ መጻፍ ብዙ ድርጅቶች በልማድ የሚያደርጉት ነው፤ ሲጠየቁም አብዛኞቹ ያለ ክርክር ያስተካክሉታል። ነጥቡ ተራ አይደለም፤ በሙከራ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለሽም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብታት ይችላል።

ሦስተኛው ነገር የመጀመሪያው ቀን ነው። በዚያው አዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ይህን ሳያደርግ የሄደ ከ30 ቀን ደመወዝ የማይበልጥ ካሣ ከሚከፈለው ገንዘብ ሊቀነስበት ይችላል። ስለዚህ ኅዳር 1 የማይቻል ነው። ማመልከቻዋን ሰኞ ጥቅምት 17 ብታስገባ ሠላሳው ቀን የሚሞላው ረቡዕ ኅዳር 17 ነው፤ የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሠላሳ ቀን መሆኑ ስሌቱን ያቀልለዋል። ሂሳብ ለማስረከብና ክሊራንስ ለመጨረስ ጥቂት ቀን ጨምራ ሰኞ ኅዳር 22ን ትመርጣለች።

ማክሰኞ ጥቅምት 11 እነዚህን ነጥቦች በኢሜይል ትጠይቃለች። የሰው ኃይል ኃላፊዋ በስልክ ይስማማሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስልኩን ዘግቶ ይተወዋል፤ እሷ ግን «በስልክ የተነጋገርነው በኦፈሩ ላይ እንዲካተትልኝ» ብላ ትጽፋለች። ሐሙስ ጥቅምት 13 የተስተካከለው ኦፈር ይመጣል። አርብ ጥቅምት 14 የሚከተለውን ትልካለች።

ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ፦ … ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር
የሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቀረበልኝን የሥራ ቅጥር መቀበሌን ስለማሳወቅ

በቁጥር … በጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ የቀረበልኝን የሲኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ የተቀበልኩ መሆኔን በደስታ አሳውቃለሁ።

በደብዳቤው መሠረት የተስማማንባቸው ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

1. የቅጥሩ ዓይነት፦ ላልተወሰነ ጊዜ (ቋሚ)።
2. የሥራ ቦታ፦ ቦሌ ዋና መሥሪያ ቤት፤ ተጠሪነቴ ለፋይናንስ ኃላፊ።
3. ወርኃዊ ደመወዝ፦ ያልተጣራ ብር 24,000 (ሃያ አራት ሺህ)፣ በወሩ መጨረሻ በባንክ ሂሳቤ የሚገባ።
4. የትራንስፖርት አበል፦ በወር ብር 2,000 (ሁለት ሺህ)።
5. የሙከራ ጊዜ፦ 60 የሥራ ቀናት።
6. ሥራ የምጀምርበት ቀን፦ ሰኞ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2025)፣ ከጠዋቱ 2፡30።

አሁን ለምሠራበት ድርጅት የመልቀቂያ ማመልከቻ የማስገባው ይህ ደብዳቤ እንደደረሳችሁ በጽሑፍ ካረጋገጣችሁልኝ በኋላ ነው። የትምህርት ማስረጃዬን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬን፣ የጡረታ መለያ ቁጥሬንና የተያዥ ሰነዱን እስከ ኅዳር 8 ድረስ አቀርባለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃና ክሊራንስ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ እንደተሰጠኝ አስገባለሁ። የሕክምና ምርመራ የማደርግበትን ተቋምና ቀን እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

ለምን እንዲህ ተጻፈ

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ግን እያንዳንዱ መስመር ምክንያት አለው። የመጀመሪያው አንቀጽ የኦፈሩን ቁጥርና ቀን ይጠቅሳል። ሁለት ኦፈር ስለወጣ፣ የተቀበለችው የጥቅምት 13ቱን መሆኑ መታወቅ አለበት፤ «የላካችሁልኝን ደብዳቤ» ብቻ ቢባል ሦስት ወር የሚለው የመጀመሪያው ደብዳቤ ተመልሶ ሊመዘዝ ይችላል።

ስድስቱ ነጥቦች ውስጥ የዓመት ፈቃድ የለም። ሕጉ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ስለሚሰጥ ባይጻፍም አይጠፋም። የሳምንቱ 48 የሥራ ሰዓት ጣሪያና የትርፍ ሰዓት ክፍያም እንዲሁ ናቸው። በደብዳቤ ላይ ካልተጻፉ የሚጠፉት ሕጉ የማያውቃቸው ናቸው፦ የትራንስፖርትና የቤት አበል፣ የስልክ ካርድ፣ የሕክምና መድን፣ ቦነስ፣ «ከስድስት ወር በኋላ ደመወዝሽን እናያለን» የሚል ተስፋ። ይህ የመጨረሻው በተለይ መጠንቀቅ ይፈልጋል። «ይታያል» ማለት ይጨመራል ማለት ስላልሆነ፣ ቀጣሪው መጠንና ቀን ጠቅሶ ካልጻፈው በቀር እንደ ስምምነት ነጥብ አይቆጠርም። ኦፈሩ ላይ የሌለን ነገር በመቀበያው ውስጥ ጨምሮ ማስገባትም አያዋጣም፤ ያው አንቀጽ 1694 ይመጣል።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፉ ለውበት አይደለም። ከውጭ ድርጅቶችና ከመያዶች የሚመጡ ኦፈሮች በፈረንጆቹ ቀን ይጻፋሉ፤ የደመወዝ ወራቸውም ያው ነው። ኦክቶበር 1ን ጥቅምት 1 ብሎ የያዘ ሰው አሥር ቀን ዘግይቶ ይመጣል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «8፡30» ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈው በእኛ 2፡30 ነው።

መደቡም ልብ ይባል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ኦፈሩ «የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ» የሚል ከሆነና ሥልጣኑም የዚያን ያህል ከሆነ፣ የሙከራ ጊዜውም ሆነ የስንብት ማስጠንቀቂያው በአዋጁ ሳይሆን በዋናነት በውሉ ይመራል። እንዲህ ያለ ተቀጣሪ ሕጉ ይጠብቀኛል ብሎ የተወው ነገር ሁሉ በጽሑፍ ሊገባለት ይገባል። የመንግሥት ሠራተኞችም በራሳቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ እዚህ የተባለው ሁሉ እንዳለ አይሠራላቸውም።

መልቀቂያው መቼ ይግባ

በደብዳቤው ውስጥ ትልቁን ጉዳት የምታስቀረው ዓረፍተ ነገር ስለ መልቀቂያው የምትናገረዋ ናት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ኦፈሩ ይስተካከላል፣ መቀበያው ይላካል፣ ቀጣሪው «ደርሶናል» ብሎ በጽሑፍ ይመልሳል፣ ኦፈሩ ያስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች ይታያሉ፤ መልቀቂያው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎች የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ መልቀቂያውን መጀመሪያ በማስገባታቸው ነው።

ቅድመ ሁኔታ ሲባል በእኛ ዘንድ በተለይ ተያዥ ነው። ገንዘብና ንብረት በሚያዝባቸው መደቦች ላይ፣ ለሂሳብ ሠራተኛ፣ ለገንዘብ ያዥና ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ድርጅቶች ዋስ ይጠይቃሉ። ዋሱ ብዙ ጊዜ ቋሚ ሠራተኛ መሆን፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ማምጣትና ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። ኦፈሩ «ተያዥ ሲቀርብ» የሚል ከሆነ፣ ዋስ የሚሆናት ሰው እሺ ማለቱን ሳታረጋግጥ መልቀቂያ ማስገባት አደገኛ ነው። የዋስትናው መጠንም ይጠየቅ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ያልተጠቀሰበት የዋስትና ውል ዋጋ የለውም፤ ዋሱም መጠኑን ሳያውቅ ላለመፈረም መብት አለው።

የሕክምና ምርመራም ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ውጤቱ ከመልቀቂያው በፊት ቢታወቅ ይመረጣል። ድርጅቱ ይህን የሚያደርገው ሥራ በሚጀመርበት ሳምንት ከሆነ፣ ቀደም ብሎ እንዲሆን በደብዳቤው መጠየቅ ይቻላል። በምሳሌአችን ያደረገችው ይህንኑ ነው። ክሊራንስና የሥራ ልምድ ግን ከነባሩ መሥሪያ ቤት የሚገኙት ከለቀቁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለእነሱ ቀን ቆርጦ ቃል መግባት አይገባም። «እንደተሰጠኝ አስገባለሁ» ማለት በቂ ነው።

ደብዳቤው በምን ይላክ

ኦፈሩ በኢሜይል ከመጣ፣ መልሱም በዚያው ኢሜይል ላይ ተፈርሞ በፒዲኤፍ ተያይዞ ቢላክ ይሻላል። ጥያቄው፣ ማስተካከያውና መቀበያው በአንድ ሰንሰለት ላይ ይቀመጣሉ። በቴሌግራም ከመጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቴሌግራም አንደኛው ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የኦፈሩን ፋይል ማውረድ፣ መልሱን በኢሜይል መላክ፣ ወይም በሁለት ቅጂ አትሞ ለመዝገብ ቤት መስጠትና በራስ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ማስደረግ ይመረጣል። ኦፈሩ ራሱ ከታች የተቀባዩ ፊርማ ቦታ ካለው፣ ፈርሞ መመለስ ራሱ መቀበል ነው፤ ፊርማው ከመቀመጡ በፊት ግን በስልክ የተባለው ሁሉ እዚያ ላይ መኖሩ መታየት አለበት።

ወረቀቱ የማይሸፍነው

ደብዳቤው ሁሉን አይጠብቅም። ቀጣሪው ሰው ከቀጠረ በኋላ በሙከራ ጊዜው ውስጥ ሊያሰናብት ይችላል፤ መቀበያውም ይህንን አያስቀርም። ከሥራው በፊት ኦፈሩን ቢያነሳባትም ደብዳቤው ውል ነበር ብላ ለመከራከር ይጠቅማታል እንጂ የለቀቀችውን ሥራ አይመልስላትም። ስለዚህ አሁን ያላት ሥራ ቋሚ ከሆነና የአዲሱ ድርጅት ሁኔታ ካልታወቀ፣ ማመዛዘኑ ከደብዳቤው በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ደብዳቤው ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያው የሥራ ቀን ነው። ያን ቀን አብዛኛውን ጊዜ ዋናው የቅጥር ውል ለፊርማ ይቀርባል፤ ውሉ ከሌላ ሠራተኛ ፋይል የተቀዳ ስለሚሆን የሙከራ ጊዜው ወደ ሦስት ወር የሚመለሰው፣ አበሉም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የመቀበያውን ቅጂ አጠገብ አስቀምጦ መስመር በመስመር ማነፃፀር ነው፤ ልዩነት ካለ ከመፈረም በፊት እንዲታረም ይጠየቃል። የጽሑፍ ውል ካልቀረበ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት። ሠራተኛዋ ይህ ጽሑፍ ከደረሳት በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመች እንደ ቅጥር ውል ይቆጠራል። ከደብዳቤዋ የሚለይ ነገር ካየች ተቃውሞዋን በጽሑፍ የምታቀርበው በእነዚያ 15 ቀናት ነው፤ ማስረጃዋም ያ አንድ ገጽ ነው።